«ካስቀየምኩህ ይቅርታ» ብዬ ነገር እንዴት እንዳባባስኩ

ነገሩ አጭር ነው። በሳምንታዊ ዕቁባችን ለቅርብ ጓደኛዬ ዋስ ነበርኩ። ዕጣው ወጥቶለት ገንዘቡን ከወሰደ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይጥል ቀረ። ዳኛው የደወለው ለኔ ነው። ማታ አራት ኪሎ አንድ ቡና ቤት ውስጥ፣ ሁለት የዕቁቡ አባላት ባሉበት፣ ስለ ዋስነት ከባድ ቃል ተናገርኩት፤ ተጯጯህን፣ ሒሳብ ጥሎ ወጣ። በገንዘቡ እውነቱ ከኔ ጋር ነበር። በቃሉ ግን ጥፋተኛው እኔ ነኝ። እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን የዚያን ማታ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ የሚከተለውን ቴክስት አልልክም ነበር።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ በቴሌግራም የላክሁት ይህ ነው፦

«ወንድሜ፣ ማታ ካስቀየምኩህ ይቅርታ። ቃል አምልጦኝ ነው። ግን አንተም ስልክ ብታነሳ ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር። ብሩን ቀስ ብለህ ትከፍላለህ። ነገ እንገናኛለን»

ስጽፈው ለስለስ ያለ መስሎኝ ነበር። መልሱ «እሺ።» ሆነ። አራት ነጥቧን ሳይረሳ። በአማርኛ ቴክስት የሚጻጻፍ ሰው ያቺ አራት ነጥብ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

አሁን ቃል በቃል ላፍርሰው፤ ብዙ ሰው የሚልከው ይህንኑ ነውና።

«ወንድሜ»፦ በቁልምጫ ስሙ ስንጠራራ የኖርን ሰዎች ነን። ከጠብ በኋላ ድንገት «ወንድሜ» ሲመጣ የታክሲ ረዳት ሰው ሲያረጋጋ የሚጠቀምበት ቃል ይሆናል። «አንተ»ን ወደ «እርስዎ» መቀየርማ አግድም ስድብ ነው። አጠራር ከጠቡ በፊት እንደነበረው ይቀመጥ።

«ካስቀየምኩህ»፦ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። «ከ» ገብታ ጥፋቱን ጥርጣሬ ውስጥ ከተተችው። መቀየሙን እያየሁ «ምናልባት ከተቀየምክ» ማለት፣ ችግሩ የኔ ንግግር ሳይሆን ያንተ ሆደ ባሻነት ነው እንደማለት ነው። «ከተሰማህ»፣ «አጥፍቼ ከሆነ» የሚሉትም ዘመዶቿ ናቸው። ቴክስቱን ከመላክ በፊት ግሱ ላይ «ከ» ወይም «ከሆነ» ካለ ይውጣ። «ተሳስተናል» የሚለውም ብዙ ቁጥር ሆኖ ግማሹን ጥፋት ለሱ ያድላል።

«ቃል አምልጦኝ ነው»፦ ጥፋተኛው ምላሴ ሆነ፣ እኔ ነጻ ወጣሁ።

«ግን»፦ ከሷ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከሷ በፊት ያለውን ይሰርዛል። ስልክ ባለማንሳቱ ጉዳይ ልክ ነኝ፤ ዛሬም ልክ ነኝ። ቦታው ግን እዚያ አልነበረም።

«ብሩን ቀስ ብለህ ትከፍላለህ»፦ እኔ ቸርነት መስሎኝ ነበር። እሱ ያነበበው ማታ ሰው ፊት የተነሳውን ዕዳ ሌሊትም ሳስታውሰው ነው።

«ነገ እንገናኛለን»፦ የጥያቄ ምልክት የላትም። አማርኛ ላይ «ትመጣለህ» እና «ትመጣለህ?» የሚለያዩት በድምፅ ነው፤ ጽሑፍ ላይ ያቺ ምልክት ከሌለች ጥያቄው ትእዛዝ ይሆናል።

ይባስ ብዬ «ግን»ን በማረም ላጠፋ ሞከርኩ። ቴሌግራም በግል ንግግር እስከ 48 ሰዓት ማረም ይፈቅዳል፤ ነገር ግን መልእክቱ ጎን edited የሚል ይቀራል። ሁለቱ የራይት ምልክቶች ወጥተዋል፣ ማለትም አንብቦታል። የሰጠሁትን ይቅርታ ስጠጋግን እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ። ያነበበውን ቴክስት ማረምም ማጥፋትም ከመጥፎው ቴክስት ይከፋል። ራሴን የምወቅሰው በዚህ ነው፤ ተናድጄ የተናገርኩትን ይቅር እላለሁ፣ ቀዝቅዤ ያረምኩትን ግን አልልም።

በማግስቱ የላክሁት ሁለተኛው ቴክስት ይህ ነው፦

«ማታ ሰው ፊት ስለ ዋስነት የተናገርኩህ ስድብ ነው። አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ። የሌሊቱ ቴክስትም ልክ አልነበረም። ለመልሱ አትቸኩል»

አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገር። የመጀመሪያው የጥፋቱን ቦታ ለይቶ ይጠራል፦ ቃሉ ብቻ ሳይሆን «ሰው ፊት» መሆኑ። ከስድቡ ይልቅ የጎዳው ሰው ፊት መሆኑ ነውና። ስድቡን ግን ቃል በቃል አልደገምኩትም፤ በጽሑፍ ብደግመው ኖሮ ማታ የተሰማው አሁን ደግሞ ይነበብ ነበር።

«አጥፍቻለሁ» የሚለውን ለመምረጥ ጊዜ ወስዶብኛል። «ይቅርታ» ብቻውን ሚኒባስ ውስጥ እግር ሲረገጥም ይባላል፣ ይቀላል። «ይቅር በለኝ» ደግሞ ለሱ ከባድ ሥራ ይሰጠዋል፦ ወይ ዛሬውኑ ይቅር ይላል፣ ወይ ጨካኝ ይሆናል። ያንን ቃል ፊት ለፊት ለምንገናኝበት ጊዜ ማቆየት ይሻላል። «አጥፍቻለሁ» መካከል ላይ ቆሞ ከሱ ምንም አይጠይቅም። «ለመልሱ አትቸኩል»ም እንደዚያው፤ የመልስ ቀጠሮ አይሰጥም፣ ቡና አይጋብዝም። ግብዣ በመጀመሪያው ቴክስት ውስጥ ከገባ ይቅርታው የመግቢያ ትኬት ይመስላል።

አላላኩ ላይ ብዙ ነገር የለም። የጻፍኩት በ Saved Messages ውስጥ ነው፤ የሱ ገጽ ላይ ብጽፍ ኖሮ እየጻፍኩ መሆኔን ሊያይ ይችል ነበር። ጮክ ብዬ፣ እሱ በሱ ድምፅ ሲያነበው እያሰብኩ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በፌዝ ድምፅ ሊነበብ የሚችለውን ዓረፍተ ነገር አወጣሁ (አንድ «የኔ ጌታ» ወጣች)። የላክሁት በግዕዝ ፊደል ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ለቀልድ ይመቻል፣ እዚህ ላይ ግን ጥድፊያ ያስመስላል። ሰዓቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል፣ ሥራ ቦታ ሆኖ ቡና የሚጠጣበት። የድምፅ መልእክት አልላክሁም፤ ድምፄ ገና አልበረደም ነበር፣ ደግሞም ሰው መሃል ሊከፍተው ይችላል።

የሚቃወሙኝ አሉ። ትልልቆቹ «ሽማግሌ ላክ» ይላሉ። ለባልና ሚስት፣ ለመሬት ይሆናል። ሰው ፊት ለተዋረደ ጓደኛ ግን ሦስተኛ ሰው መላክ ማለት የውርደቱን ምስክር መጨመር ነው። ሌሎች «ደውልለት፣ ቴክስት ምንድነው» ይላሉ። መደወል እንዲያነሳ ያስገድደዋል፤ ካላነሳ ደግሞ ሁለተኛ ቂም ይሆናል። ቴክስት ብቻውን ሆኖ፣ ፊቱን ማንም ሳያይ ያነበዋል። ስልኩም አካሉም ከዚያ በኋላ ይምጡ። ይህ ግን ለአንድ ቀን ጠብ ነው፤ ያንኑ ስድብ ለሦስተኛ ጊዜ የደገመ ሰው ቃላት ቢመርጥም የሚያነብለት የለም።

አንድ ቀን ተኩል ዝም አለ። ሁለቱን የራይት ምልክቶች እያየሁ «ደረሰህ?» ልለው እጄ ስንት ጊዜ ሄደ። አልላክሁም። ከዚያ እሱ «ሐሙስ ይመችሃል?» አለ። ጥያቄ ምልክቱን ሳይረሳ።

ሐሙስ ፒያሳ ቆመን ቡና ስንጠጣ፣ ስለ ብሩ አፌን ሳልከፍት የሁለቱን ሳምንት ዕቁብ ለዳኛው ማስገባቱን ነገረኝ። ስልክ ስላላነሳበት ምክንያት ግን እስካሁን አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም።