ቫት ሁለት ጊዜ የተደመረበት ደረሰኝ፦ እንዴት አወቅሁት፣ እንዴትስ አስተካከልኩት

ታክስ ሁለት ጊዜ ተደመረ ሲባል ደረሰኙ ላይ ሁለት የታክስ መስመር የሚታይ ይመስላል። እኔም የመሰለኝ እንደዚያ ነበር። በተግባር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው አንድ መስመር ብቻ ነው። 15 ፐርሰንቱ በካልኩሌተር ሲታይም ሳንቲም አይጎድለውም። ስህተቱ የተቀመጠው ከላይ፣ ነጠላ ዋጋው ውስጥ ነው። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ሦስት ሳምንት ባልተመላለስኩ።

የገዛሁት ለቢሮ የሚሆን ስምንት የብረት የፋይል መደርደሪያ ነበር። ፕሮፎርማው ላይ የአንዱ ዋጋ 9,200 ብር፣ የስምንቱ ድምር 73,600 ብር ተጽፏል። ከግርጌው «ዋጋው 15% ቫትን ይጨምራል» ይላል። ካሸሯ ድምሩን ስትነግረኝ ፕሮፎርማውን ሳላወጣ በባንክ አስተላለፍኩ። የመጣልኝ ደረሰኝ እንዲህ ነበር፦

```
8 x 9,200.00      *73,600.00
TXBL1             *73,600.00
TAX1 15.00%       *11,040.00
TOTAL             *84,640.00
```

TXBL1 ታክስ የሚሰላበት ዋጋ ነው፣ ማለትም ቫት ያልገባበት ዋጋ መሆን አለበት። እዚህ የገባው ግን ቫት ያለበት 73,600 ነው። መሽኑ የተሰጠውን ዋጋ ከታክስ በፊት እንደሆነ ቆጥሮ 15 ፐርሰንት ጨመረበት። ፕሮፎርማውን የሚያዘጋጀው ሽያጭ ክፍል ነው፣ ዋጋውን መሽኑ ላይ የምትመታው ደግሞ ካሸሯ ናት። ካሸሯ ከፕሮፎርማው ላይ 9,200ን እንዳለ ስትመታው ስህተቱ በዚያች ቅጽበት ተሠራ። መሽኑ ላይ መመታት የነበረበት 8,000 ነው።

ማጣራቱ ሁለት ማካፈል ነው። መጀመሪያ የደረሰኙን ጠቅላላ ድምር ለ1.15 አካፍሉ፤ 84,640 ለ1.15 ሲካፈል 73,600 ይሆናል። ይህ ቁጥር ከፕሮፎርማው ቫት ከሚጨምረው ድምር ጋር ከገጠመ ነገሩ ተገኘ ማለት ነው። እንደገና ለ1.15 ስታካፍሉት ትክክለኛው ከታክስ በፊት ያለ ዋጋ ይወጣል፤ በእኔ ጉዳይ 64,000 ብር ነው። በኤክሴል ለሚሠራ ሰው፦

```
=ROUND(84640/1.15,2)
=ROUND(84640/1.15/1.15,2)
```

ትክክለኛው ደረሰኝ እንግዲህ 64,000 ዋጋ፣ 9,600 ቫት፣ 73,600 ድምር ነው። ከዋናው ዋጋ ጋር ሲተያይ የተከፈለው 32.25 ፐርሰንት ጭማሪ አለው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ 1.15 በ1.15 ሲባዛ 1.3225 ስለሚሆን ጭማሪው 30 ሳይሆን 32.25 ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቫትን ከድምር ላይ ለማውጣት 15 ፐርሰንት በመቀነስ ነው። 73,600 ላይ 15 ፐርሰንት ቢቀነስ 62,560 ይመጣል፤ ልክ አይደለም። ድምሩ ውስጥ ያለው ቫት የድምሩ 15 ፐርሰንት ሳይሆን ከ115 እጅ 15ቱ ነው፣ ወደ 13.04 ፐርሰንት ይጠጋል። የሻጩ ሂሳብ ሠራተኛም መጀመሪያ ያደረገው ይህንኑ ስለነበር ቁጥራችን አልገናኝ ብሎ ግማሽ ቀን ተከራከርን።

ከመክሰሳችሁ በፊት ግን ሁለት ቦታ ተጠንቀቁ። ሆቴልና ሬስቶራንት 10 ፐርሰንት ሰርቪስ ቻርጅ ጨምሮ በዚያ ላይ ቫት ሲያሰላ ጭማሪው 26.5 ፐርሰንት ይሆናል፤ ይህ ድርብ ቫት አይደለም፣ ቫቱ የተሰላው አገልግሎቱን ጨምሮ ነው። ኤክሳይዝ ታክስ ያለበት ዕቃም እንዲሁ ነው፤ ቫት የሚሰላው ኤክሳይዙ ከተደመረ በኋላ ነው። የጥቂት ሳንቲም ልዩነት ደግሞ ከማጠጋጋት የሚመጣ ነውና ለእሱ ጊዜ አታጥፉ።

አሁን ወደተበላሸው ነገር ልምጣ። ሻጩ ጋር ስሄድ የተባልኩት «ቫት እኮ የመንግሥት ነው፣ ከእኛ ኪስ አልገባም» ነው። እኔም አምኜ ወደ ታክስ ቅርንጫፍ ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁት ባለሙያ ደረሰኙን ተቀብሎ በካልኩሌተሩ 73,600ን በ0.15 አባዝቶ «11,040፣ ልክ ነው፣ ምን ጎደለው?» ብሎ መለሰልኝ። ደረሰኙን ብቻ ይዤ መሄዴ የራሴ ጥፋት ነው። ነጠላ ዋጋው ቀድሞ ቫት እንደገባበት የሚናገረው ፕሮፎርማው እንጂ ደረሰኙ አይደለም። ባለሙያው ግን «የተስማማችሁበት ዋጋ ስንት ነበር?» ብሎ አንዲት ጥያቄ ቢጠይቀኝ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር፤ ይህ አሁንም ያናድደኛል።

«ከእኛ ኪስ አልገባም» የሚለውንም ቤቴ ገብቼ ሳሰላው ሐሰት ሆኖ አገኘሁት። በትርፍ የተከፈለው 11,040 ብር ነው። ሻጩ ለመንግሥት የሚያሳውቀው ቫት መሆን ከነበረበት 9,600 ወደ 11,040 ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ወደ መንግሥት የሚሄደው ትርፍ 1,440 ብር ብቻ ነው። ቀሪው 9,600 ብር በዋጋ ስም ሻጩ ጋር ይቀራል። ከአሥር ብሩ ወደ ዘጠኝ የሚጠጋው እሱ ጋር ቀርቶ የመንግሥት ነው ማለት አይቻልም። ይህችን ስሌት በወረቀት ጽፌ ፊቱ ሳስቀምጥ ክርክሩ አበቃ።

ያኔ ደግሞ ሁለተኛውን ስህተት ልሠራ ተቃረብኩ። ሥራ አስኪያጁ «11,040ውን በጥሬ ገንዘብ እንካ፣ ደረሰኙ ይቆይ፣ ከመሽን ከወጣ አይነካም» አለኝ። ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን ከተቀበልኩ በእጄ የሚቀረው የ84,640 ብር ደረሰኝ ነው፣ በእርግጥ የከፈልኩት ደግሞ 73,600 ይሆናል። ቢሯችን የቫት ተመዝጋቢ ስለሆነ በዚያ ደረሰኝ 11,040 የግብዓት ቫት ያቀናንሳል፣ የሚገባው ግን 9,600 ነው። ነገ ኦዲት መጥቶ የባንክ ዝውውሩንና ዕቃውን ሲያመሳክር ተጠያቂው ገዢው ነው። «በሚቀጥለው ግዢ እናካክሰዋለን» የሚለውም ከዚህ አይለይም። ሁለቱንም እንቢ በሉ።

ከመሽን የወጣ ደረሰኝ አይነካም የሚለው እውነትነቱ ግማሽ ነው። በእስኪሪብቶ ሰርዞ ማስተካከል አይቻልም፤ የቀኑ ዜድ ሪፖርት ከወጣ በኋላም ሽያጩ ከመሽኑ አይጠፋም። ግን በሁለት መንገድ ይስተካከላል። አንደኛው ሽያጩን በሙሉ ተመላሽ አድርጎ፣ ተመላሹን መዝግቦ፣ በ64,000 አዲስ ደረሰኝ መቁረጥ ነው። ሁለተኛው ክሬዲት ኖት ነው። በክሬዲት ኖቱ ላይ የሚጻፈው 9,600 የዋጋ ቅናሽ፣ 1,440 የቫት ቅናሽ፣ በድምሩ 11,040 ነው። 9,600 እዚህም እዚያም መምጣቱ አያደናግራችሁ፤ በትክክለኛው ደረሰኝ ቫት ነው፣ በክሬዲት ኖቱ የዋጋ ልዩነት ነው። «TAX1ን ሙሉ በሙሉ እንቀንስ» ካሏችሁ አትቀበሉ፤ ያኔ ቫት የሌለው የ73,600 ግዢ ይሆንና የምታቀናንሱት ነገር ይጠፋል።

እኔ የመረጥኩት ሙሉ ተመላሹን ነው፤ ለሂሳብ ሠራተኛ የሚያስረዳው ነገር ስለማይበዛ። ክሬዲት ኖት የሚሻለው ሻጩ ወሩን አሳውቆ ከጨረሰ ነው። የቫት ተመዝጋቢ ገዢ ክሬዲት ኖቱን በተቀበለበት ወር የግብዓት ቫቱን በ1,440 መቀነስ አለበት፤ ይህን መርሳት ብዙ ቢሮ ላይ አይቻለሁ።

የጻፍኩት ደብዳቤ አጭር ነበር፦

«ጉዳዩ፦ ደረሰኝ እንዲታረም ስለመጠየቅ። በቀን … በቁጥር … በሰጣችሁን ፕሮፎርማ የስምንት መደርደሪያ ዋጋ ቫትን ጨምሮ ብር 73,600 ነው። በFS No. … የተቆረጠው ደረሰኝ ግን በዚሁ ዋጋ ላይ ቫት ደግሞ በማስላቱ ብር 84,640 ሆኗል። ትክክለኛው ዋጋ 64,000፣ ቫት 9,600፣ ድምር 73,600 ስለሆነ፣ ደረሰኙ ታርሞ በትርፍ የተከፈለው ብር 11,040 ወደ ከፈልንበት የባንክ ሂሳብ እንዲመለስልን እንጠይቃለን።»

ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፣ በአንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ፈርሞ ማኅተም ያድርግበት። ስልክ አይበቃም። ገንዘቡም በጥሬ ሳይሆን በባንክ ይመለስ፣ የከፈላችሁበትና የተመለሰላችሁ መጠን በአንድ የባንክ መግለጫ ላይ እንዲታይ።

ዋናውን ደረሰኝ ሻጩ ለተመላሽ መዝገቡ ይወስደዋል። ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት ኮፒ አድርጉ። የመሽን ወረቀት ሙቀት ሲነካው ይደበዝዛል፤ የእኔው በሦስት ሳምንት ውስጥ FS No. ላይ ያሉት ቁጥሮች መጥፋት ጀምረው ነበር።

«ደረሰኝ ጠይቁ» የሚለው ማሳሰቢያ በየቦታው አለ። እኔ የምለው ከዚያ አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ነው፦ ደረሰኙ ከመቆረጡ በፊት ካሸሯን «TXBL1 ላይ ስንት ነው የምትመቺው?» ብላችሁ ጠይቁ። የፕሮፎርማውን ድምር ለ1.15 አካፍላችሁ በስልካችሁ አሳዩአት። ካልተቆረጠ ማስተካከሉ አንድ ደቂቃ ነው። ፕሮፎርማው ቫት ይጨምር አይጨምር ዝም ካለ ደግሞ ሳይጻፍበት አትክፈሉ።

ቫት የማያቀናንስ ተራ ሸማች ከሆናችሁ 11,040ው በሙሉ የእናንተ ኪሳራ ነው። ተመዝጋቢ ለሆነ ቢሮም ቢሆን «እናቀናንሰዋለን» መጽናኛ አይሆንም፤ መጀመሪያ ነጠላ ዋጋው ውስጥ የተደበቀው 9,600 ደረሰኙ ላይ እንደ ዋጋ እንጂ እንደ ቫት ስለማይታይ አይቀናነስም።

ቢሯችሁ ከሻጭ ላይ ቅድመ ግብር የሚይዝ ከሆነ ያንንም ወረቀት አስተካክሉ። ቅድመ ግብሩ የሚሰላው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ስለሆነ፣ በ73,600 የተሰላው በ64,000 መተካት አለበት። አዲሱ ደረሰኝ ሲመጣ የገዢ ቲን ቁጥራችሁ መኖሩን እዩ፤ ከአሮጌው ኮፒ፣ ከፕሮፎርማው፣ ከማኅተም ካለበት ደብዳቤና ከባንክ መግለጫው ጋር በአንድ ላይ አያይዙት።