የማመልከቻ ኢሜይል የመጀመሪያ ሁለት አረፍተ ነገር፣ 3ኛ ሳምንት ላይ ነኝ

ሰላም ጓዶች፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። ሸሚዝ የሚሰፋ ፋብሪካ ውስጥ 8 ወር ኳሊቲ ላይ ሠርቼ ኮንትራቴ አለቀና ይኸው ማመልከቻ እየላክሁ ነው።

መጀመሪያ የኢሜይሌ ችግር የት እንዳለ አልገባኝም ነበር። ደሴ ኤችአር የምትሠራ የአክስቴ ልጅ አለች፣ እሁድ ሐረጎን ወጥቼ ቤቷ ሄድኩና ቡና እየጠጣን ስልኳን አውጥታ ስሞቹን በአውራ ጣቷ ሸፍና የመጡላትን ኢሜይሎች አሳየችኝ። ሳይከፈቱ ከርዕሱ ሥር የምትታየው አንዲት መስመር ናት፣ ደርዘን የሚሆኑት ላይ ያቺ መስመር «ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን» ትላለች። የኔማ ባሰ፣ የወረቀቱን ደብዳቤ እንዳለ ለጥፌው «ቀን፦ ለ፦ ጉዳዩ፦ ሥራ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» ብሎ መስመሩ ያልቃል። የምን ሥራ? አይታወቅም። ለካ ቀኑን ኢሜይሉ ራሱ ይመዘግበዋል፣ «ጉዳዩ» ደግሞ ቦታው ርዕስ መጻፊያው ላይ ነው።

ስለዚህ ከ«ጤና ይስጥልኝ» ቀጥሎ የመደቡን ስም አመጣሁ፣ ማስታወቂያው ላይ እንደተጻፈው፦ «ለኳሊቲ ኢንስፔክተር የሥራ መደብ እያመለከትኩ ነው።» በቃ። አንዴ ዲግሪዬን፣ ውጤቴንና የማስታወቂያውን ቁጥር አንድ ላይ ጨምሬበት መደቡ መሀል ተቀበረ፣ እነሱን ወደ ሦስተኛው አረፍተ ነገር አወረድኳቸው።

ያስቸገረኝ ሁለተኛው ነው፣ «ለምን?» የሚለው። «ድርጅታችሁ ታዋቂና ስመ ጥር ስለሆነ» ብዬ ጻፍኩ፣ የአክስቴ ልጅ ሳቀችና «ይሄን ለዳቦ ቤትም ትልከዋለህ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መፈተኛዬ እሱ ሆነ፣ አረፍተ ነገሩን ለሌላ ማስታወቂያ ሳልነካው መላክ ከቻልኩ እሰርዘዋለሁ። ማስታወቂያውን ደግሜ ሳነበው «ኢንላይን ቁጥጥር» ይላል፣ ማለትም ሸሚዙ አልቆ ከመታሸጉ በፊት ገና መስመሩ ላይ እያለ ማየት፣ እኔ ደግሞ የወደድኩት እሱን ነው። አሁን እንዲህ ይላል፦

«የምትፈልጉት ኢንላይን ቁጥጥር የሚሠራ ሰው ነው፣ እኔም ለ8 ወር በሸሚዝ ስፌት መስመር ላይ ስሠራ የኮሌታ መጣመምን ገና ከማሽኑ ሳይወርድ መያዝ ስለወደድኩ በዚሁ ሥራ መቀጠል እፈልጋለሁ።»

ትንሽ ይረዝማል፣ አውቃለሁ። ግን ለታናሽ ወንድሜ አንዴ ብቻ አንብቤለት ስልኩን ደበቅሁና «ምን ሥራ ነው? ለምን ፈለግኩት?» ስለው ሁለቱንም መለሰ። የድሮውን ሳነብለት «ሰላም እያልክ ነው» ነበር ያለኝ፣ ተንኮለኛ።

አንድ ጉድ ልንገራችሁና ላብቃ። ማክሰኞ ሌላ ቦታ ለማመልከት ቀደም ሲል የላክሁትን ኮፒ አድርጌ «ለስቶር ኪፐር» የሚለውን ሳልቀይር ላክሁት፣ መደቡ ፊት ለፊት ሲሆን ስህተቱም ፊት ለፊት ነው። አሁን ከመላኬ በፊት የመደቡን ስም ራሱን ከማስታወቂያው ኮፒ አድርጌ እለጥፋለሁ። ልምድ ለሌለኝ መደብ ሁለተኛውን እንዴት እንደምጽፍ ግን ገና እየታገልኩ ነው፣ የሞከራችሁ ካላችሁ ወዲህ በሉ።