ቡናው «ለቀመ» ወይስ «ተለቀመ»? የፕሮሰስ ዳያግራም ልምምዴ

ሰሞኑን ለአይኤልቲኤስ ስዘጋጅ የጻፍኩት የፕሮሰስ ዳያግራም መግለጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም «ኢዝ» ወይም «አር» ሳይጎድለው ወጣ። ሦስት ወር ስታገል ስለነበር በጣም ደስ ብሎኛል። አብራችሁኝ ለምትዘጋጁ ያደከመኝን ነገር ላካፍላችሁ።

መነሻውን ታውቁታላችሁ። በ20 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ 150 ቃል ይጻፋል። የራስ አስተያየት አይገባም። ሂደቱ ሁልጊዜ የሚደጋገም ስለሆነ ግሱ በአሁን ጊዜ ይሆናል። መግቢያው አካባቢ ሂደቱ ስንት ደረጃ እንዳለው፣ በምን ተጀምሮ በምን እንደሚያልቅ በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይነገራል። ይህን በአንድ ሳምንት ጨረስኩት።

የከበደኝ ፓሲቭ ቮይስ ነው። ልምምዴን የማውቀው ነገር ላይ ልሥራ ብዬ የታጠበ ቡና አዘገጃጀትን ራሴ በሥዕል አወጣሁት። ቀይ እሸት ይለቀማል፤ በማሽን ይፈለፈላል፤ ገንዳ ውስጥ ይቆያል፤ ይታጠባል፤ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ከዚያ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንዲህ ጻፍኩ፦ «ዘ ቼሪስ ፒክድ ባይ ሃንድ»። ለእኔ ሙሉ ነበር። የሚያርምልኝ ጓደኛዬ ግን ከሥሩ «ቡናው ለቀመ» ብሎ በአማርኛ ጻፈልኝ። ያኔ ገባኝ። እኛ «ተለቀመ» ስንል አንዲት «ተ» ሁሉን ትጨርስልናለች። በእንግሊዝኛ ግን የ«ተ»ን ሥራ የሚሠራው ለብቻው የቆመው «አር» ነው። እሱ ከሌለ ቡናው ራሱ ለቃሚ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ጽፌ ስጨርስ ሌላውን ሁሉ ትቼ ግሶቹን ብቻ እያከበብኩ «ተ»ዋ የታለች እላለሁ።

ይህን ካስተካከልኩ በኋላ ደግሞ በተቃራኒው ጠፋሁ። ሁሉንም ፓሲቭ ማድረግ ጀመርኩ። «ዘ ቢንስ አር ሪሜይንድ ኢን ዘ ታንክ» ብዬ ጻፍኩ። ስህተት ነው። መቆየት ቡናው ራሱ የሚያደርገው ነገር ስለሆነ «ዘ ቢንስ ሪሜይን» ይባላል። ሰው እንደተወው ማሳየት ከተፈለገ «አር ሌፍት» ይሆናል። አማርኛውን ብቻ ማመን እዚህ ላይ ያሳስታል። «እንፋሎቱ ተነሣ» ስንል «ተ» አለች፤ እንግሊዝኛው ግን «ራይዝስ» እንጂ «ኢዝ ራይዝድ» አይደለም። «ይደርቃል» ላይ ደግሞ «ተ» የለችም፤ ግን ቡናውን አስጥተው የሚያገላብጡት ሰዎች ስለሆኑ «አር ድራይድ» ትክክል ነው። ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ከሥዕሉ ጀርባ እጅ ወይም ማሽን አለ? ካለ ፓሲቭ። ውሃ ሲተን፣ ደመና ሲሠራ ግን ማንም የለበትም።

የቅደም ተከተል ቃላት ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። «ፈርስትሊ፣ ሰከንድሊ፣ ሰርድሊ» እያሉ በዝርዝር መሸምደድን አልወደውም። እነዚህ ቃላት ምክንያት ለመደርደር እንጂ ደረጃ ለመተረክ አይመቹም። መጨረሻው ላይ «አት ላስት» የምትሉም ተዉት፤ ብዙ ተጠብቆ ለመጣ ነገር ነው የሚባለው። «ፋይናሊ» ይበቃል። እኔ በየዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ «ዜን» እደረድር ነበር። የተሻለውን መንገድ ያገኘሁት ከራሳችን አነጋገር ነው። «ታጥቦ ይሰጣል» እንል የለ? የእንግሊዝኛው «ታጥቦ» ደግሞ «ዋንስ ዘይ ሃቭ ቢን ዋሽድ» ወይም «አፍተር ቢዪንግ ዋሽድ» ነው። ሁለት ደረጃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይያያዛል፤ «ዜን»ም ይቀንሳል።

አንድ ወጥመድ ግን አለው። «ታጥቦ ሠራተኞቹ አልጋ ላይ ያሰጡታል» ብንል ማንም አይደናገርም። «አፍተር ቢዪንግ ዋሽድ፣ ወርከርስ ስፕሬድ ዘ ቢንስ» ካላችሁ ግን የታጠቡት ሠራተኞቹ ሆኑ። ከኮማው በኋላ የሚመጣው የታጠበው ነገር መሆን አለበት፦ «ዘ ቢንስ አር ስፕሬድ ኦን ሬይዝድ ቤድስ»። ሠራተኞቹን መጥራትም አያስፈልግም። «ባይ ሃንድ» እና «ባይ ማሽን» የምጽፈው አሠራሩን ሲለዩ ብቻ ነው።

ትናንት ወደ ሲሚንቶ ዳያግራም ተሻገርኩ። የኖራ ድንጋዩና ሸክላው ይፈጫሉ፤ ይደባለቃሉ፤ በሚሽከረከር ምድጃ ይጋያሉ። ጥያቄዬ እስከዚህ ሠራ። ምድጃው «ይሽከረከራል» ላይ ስደርስ ቆምኩ። የሚያሽከረክረው ሞተር አለ፤ ስለዚህ «ኢዝ ሮቴትድ» ጻፍኩ። ጓደኛዬ ስህተት አይደለም አለኝ፤ ግን «ሮቴትስ»ም ይሆናል ብሎ ጨመረልኝ። እንዲህ ሁለቱንም የሚቀበሉ ግሶችን አሁን በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ እየለቀምኩ ነው። «ሜልት»፣ «ፍሪዝ» እና «ድራይ» ገብተዋል። ሌላ የምታውቁ ጨምሩልኝ።