«ኤቫንቱኤልማን» ቀጠሮ አይደለም

ፈረንሳይኛ ወደሚነገርበት አገር ስመጣ እንግሊዝኛዬ ደህና ነበር። ብዙ ቃል ስለሚመሳሰል ግማሹን መንገድ የጨረስኩ መሰለኝ። እውነትም መመሳሰሉ ይረዳል። ግን አንድ ቃል ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልክ ሲያስጠብቀኝ ከረመ።

ሥራ ያመለከትኩበት ድርጅት በኢሜይል መለሰልኝ። «ለቃለ መጠይቅ ኤቫንቱኤልማን እንጠራዎታለን» ይላል። በእንግሊዝኛ ኢቨንችዋሊ ሲባል ውሎ አድሮ ማለት ነው፣ ጊዜ ይፈጅ ይሆናል እንጂ ነገሩ አይቀርም። እኔም ይቆያል እንጂ ይጠሩኛል ብዬ ሌላ ቦታ ማመልከቱን ተውኩት። በሦስተኛው ሳምንት ኢሜይሉን ለፈረንሳይኛ አስተማሪዬ አሳየኋት። «ቃል የገባልህ ሰው የለም እኮ» አለችኝ። «ምናልባት ካስፈለገ እንጠራሃለን ነው የሚለው።»

ሁለቱም ቃላት ምንጫቸው ላቲን ነው፣ ሥሩም የሚደርስን ነገር፣ ውጤትን ያመለክታል። ፈረንሳይኛው «ሊደርስም ላይደርስም ይችላል» የሚለውን ያዘ። እንግሊዝኛው ወደ መጨረሻው፣ ወደ መድረሱ አዘነበለ።

እንዲህ ያለ ቃል የሚያስፈራኝ ስህተቱ ስለማይታይ ነው። ሊብሬሪን እንደ እንግሊዝኛው ላይብረሪ ቤተ መጻሕፍት ነው ብለህ ብትገባ፣ መጽሐፍ ልትዋስ ስትል ሒሳብ ይጠይቁሃል፤ መጻሕፍት መሸጫ መሆኑ እዚያው ይገባሃል። ኤቫንቱኤልማን ግን በተሳሳተ ትርጉሙም ዓረፍተ ነገሩን አያፈርሰውም፣ የሚያርምህ ነገር የለም። አክቱኤልማንም እንደዚያው ነው። «አክቱኤልማን እዚህ አይሠራም» ሲሉህ እንደ እንግሊዝኛው አክችዋሊ «እንደ እውነቱ ከሆነ አይሠራም» ይመስልሃል፣ እነሱ ግን «በአሁኑ ጊዜ አይሠራም» ነው ያሉህ፤ ወደፊት ሊመለስ ይችላል። እኔ አሁን መጨረሻው «ማን» የሆነ፣ እንግሊዝኛ የሚመስል ቃል ሳይ ቆም እላለሁ።

ስህተቱ በተቃራኒውም ይሠራል፣ ይሄኛው ደግሞ የበለጠ አሳዝኖኛል። አንድ ወዳጄ ለእራት ጠርቶኝ፣ ከሥራ አምሽቼ ስለምወጣ «ኤቫንቱኤልማን እመጣለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። መቅረት አልቀርም ማለቴ ነበር። እሱ ያነበበው «ምናልባት እመጣ ይሆናል» የሚል ነው። ስደርስ በልተው ጨርሰው ነበር፣ ለእኔም ወንበር አልተያዘም።

ያን ቀን መጻፍ የነበረብኝ ፊኒር ፓር የሚባለውን አነጋገር ነው። ፊኒር መጨረስ ነው፣ ከፓር ጋር ሆኖ ሌላ ግስ ሲከተለው ውሎ አድሮ መሆኑ አይቀርም የሚል ትርጉም ይሰጣል። «ኢል ፊኒራ ፓር ቬኒር» ካልክ ቢቆይም ይመጣል ማለት ነው። ሰዓቱን ብቻ ለመናገር ከሆነ ግን «አርፍጄ እመጣለሁ» ማለት ይበቃ ነበር።

አስተማሪዬ ትርጉሙን በነገረችኝ ማግስት ለድርጅቱ ጻፍኩላቸው። ቦታው ከተያዘ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር።