ድንጋይን ከውስጥ የሚሰነጥቅ ዝገት፦ የግንብ አናት ማያያዣ ብረቶችን ያወጣሁበት መንገድ

በአሮጌ የተጠረበ ድንጋይ ግንብ አናት ላይ የተደረደሩ የክዳን ድንጋዮች አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርስ የሚያያዙት በብረት ነው። ጫፍና ጫፉ ወደ ታች የታጠፈ ዘንግ ነው፤ ግማሹ በአንዱ ድንጋይ፣ ግማሹ በቀጣዩ ድንጋይ ላይ በተፈለፈለ ቦይ ውስጥ ይቀመጥና በሞርታር ወይም በቀለጠ እርሳስ ይሸፈናል። እዚህ የምጽፈው 11 የክዳን ድንጋዮችና 10 መጋጠሚያዎች ስላሉት አንድ የኖራ ድንጋይ ግንብ ነው። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ 25 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋና 1 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር አንድ ብረት ነበረ። ጫፎቹ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ታጥፈው ድንጋዩ ውስጥ ገብተዋል።

የዝገት ስንጥቅ የራሱ መልክ አለው። ከመጋጠሚያው ይነሳና ብረቱ በተኛበት መስመር ላይ፣ ከግንቡ የፊት ገጽ ጋር ጎን ለጎን እየሄደ፣ ብረቱ የሚያበቃበት 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ወደ ፊት ታጥፎ ይወጣል። ከመጋጠሚያው ማዶ ባለው ድንጋይ ላይም ይኸው ስንጥቅ በመስታወት እንደታየ ተገልብጦ ይገኛል። ከፊት ሲታይ ሁለቱ አንድ ላይ ግማሽ ጨረቃ ይሠራሉ፤ በኋላ የሚፈረከሰውም ያ ቅርፊት ነው። መሠረቱ በመስመጡ የመጣ ስንጥቅ ቢሆን ኖሮ ከክዳኑ አልፎ ወደ ታችኛው ረድፍ ይወርድ ነበር። ይኼኛው ግን ከብረቱ ዙሪያ አይርቅም። የዝገት ቀለም ሁልጊዜ አይታይም፤ ከ10ሩ መጋጠሚያዎች ውስጥ ቡናማ እንባ የወረደባቸው ሦስቱ ብቻ ነበሩ፣ የተሰነጠቁት ግን ስምንት ናቸው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ ነው። እንደ ዝገቱ ዓይነትና እንደያዘው ውሃ ከሁለት እጥፍ እስከ ስድስት እጥፍ በላይ ይሆናል። አራት እጥፍ ብለን እንያዘው፦ ከብረቱ ጎን 1 ሚሊ ሜትር ሲዝግ 4 ሚሊ ሜትር ዝገት ይሆናል፤ ማለትም ብረቱ በዚያ በኩል 3 ሚሊ ሜትር ወፈረ ማለት ነው። በቦዩ ውስጥ የነበረው ክፍተት ከዚያ ያነሰ ከሆነ የቀረው ሁሉ ድንጋዩን ይገፋል። ድንጋይ ሲጫኑት ጠንካራ ነው፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲገፉት ግን ደካማ ነው። ስለዚህ ስንጥቅ ታየ ማለት ብረቱ ተበልቶ አለቀ ማለት አይደለም። ካወጣኋቸው ብረቶች አብዛኞቹ ውስጣቸው ገና ድፍን ብረት ነበር።

ብረቱ ያን ያህል ዘመን ሳይዝግ የቆየው በሁለት ነገር ነው። አዲስ የኖራ ሞርታር ብረትን ከዝገት ይጠብቃል፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ሲሄድ ግን ይህን ኃይሉን ያጣል፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ካገኘ ብረቱ ይዝጋል። እርሳስ ደግሞ ውሃውን ራሱን ይከለክላል፣ በትክክል ከተሠራ። የቀለጠ እርሳስ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና በድንጋዩና በራሱ መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ይተዋል። ያንን ክፍተት ደነዝ መሮ ይዞ ዙሪያውን እየቀጠቀጡ መድፈን ያስፈልጋል፤ ሳይቀጠቀጥ የቀረ እርሳስ ውሃ የሚያቁር ጽዋ ነው። የአቴናው ፓርቴኖን ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የጥንቶቹ ግንበኞች በእርሳስ የሸፈኗቸው ብረቶች በብዛት ደህና ሆነው ሲገኙ፣ ከ1898 እስከ 1933 በኒኮላኦስ ባላኖስ መሪነት በተካሄደው ጥገና ያለ እርሳስ የገቡት ብረቶች ዝገው እብነ በረዱን ሰነጣጠቁት። ዛሬ በቲታኒየም እየተተኩ ነው።

በዚህ ግንብም ሁለቱ ያልተሰነጠቁ መጋጠሚያዎች እርሳሱ መጋጠሚያውን ተሻግሮ ብረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሸፈነባቸው ነበሩ። በተሰነጠቁት ግን እርሳሱ ሁለቱን ጫፎች ብቻ ይዞ፣ መካከሉ ላይ፣ ልክ ውሃ በሚገባበት መጋጠሚያ፣ ብረቱ ራቁቱን ነበር።

ሥራው የሚጀምረው ሊወድቅ የሚችለውን በማሰር ነው። የላላውን ቅርፊት ሁሉ ከኋላ በኩል በሰፊ ቀበቶ አሰርኩ፤ ከቀበቶው ሥር ስስ እንጨት አደረግሁ። ከዚያ በብረት ጠቋሚ መሣሪያ የእያንዳንዱን ብረት ጫፍ ፈልጌ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ፣ ድንጋዩንም በትንሽ የእንጨት መዶሻ እያንኳኳሁ ባዶ የሚጮኸውን ክፍል ከበብኩ። ባዶ የሚጮኸው ክፍል ሁልጊዜ በዓይን ከሚታየው ስንጥቅ ይሰፋል።

የመጀመሪያውን ብረት ያወጣሁት በተሳሳተ መንገድ ነው። ሽፋኑን አንስቼ ጫፉን በፌሮ መፈንቀያ ሳነሳው ፌሮው የተደገፈበት የድንጋይ ጠርዝ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ተገምሶ ወጣ። ዝገቱ የሞላው ጫፍ በቦዩ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ተወጥሮ ስለሚቀመጥ፣ ወደ ጎን የሚገፋ ጉልበት ሁሉ ወደ ድንጋዩ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በዚህ ቅደም ተከተል ሠራሁ።

መጀመሪያ ብረቱን መካከሉ ላይ፣ በመጋጠሚያው ትክክል፣ በስስ የመቁረጫ ዲስክ ለሁለት ቆረጥኩት። ተያይዞ ሳለ አንዱን ጫፍ ማንሳት ሌላውን ያጣምማል። ቀጥሎ በ4 ሚሊ ሜትር መብሻ፣ ድሪሉ እንዳይመታ የመምቻውን ቁልፍ ዘግቼ፣ በጫፉ ዙሪያ ያለውን እርሳስ ተራ በተራ በሳሁ። መብሻው መሄድ ያለበት እርሳሱና ዝገቱ ውስጥ ነው፣ ድንጋዩ ውስጥ አይደለም። የእርሳስና የዝገት ብናኝ ስለሚነሳ ጭንብልና ጓንት ግድ ነው፤ ብናኙን ያነሳሁትም እርጥብ በሆነ ጨርቅ ነው። እርሳሱን በእሳት ማቅለጥ ቀላል መስሎ የሚታያቸው አሉ፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ ብረቱም ሲሞቅ ሰፍቶ ስንጥቁን ይጨርሰዋል።

ከዚያ በጫፉ አናት ላይ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በስቼ የ6 ሚሊ ሜትር ጥርስ አወጣሁና ቡሎን አሰርኩበት። በግራና በቀኝ ጤናማው ድንጋይ ላይ ሁለት የእንጨት ብሎክ፣ በላያቸው የተበሳ ጠፍጣፋ ብረት አጋድሜ ቡሎኑን በዚያ አሳለፍኩ። ዳዱ በሩብ ዙር ሩብ ዙር ሲጠብቅ ጫፉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጠርዙን የሚነካ ነገር የለም። ከ16ቱ ጫፎች ሦስቱ እንደ መጽሐፍ ቅጠል በተነባበረ ዝገት ስለተበሉ ጥርስ አልያዙም። እነሱን በውሃ በሚሠራ ክብ የአልማዝ መብሻ ዙሪያቸውን ቆርጬ አወጣሁ፤ ይህ ጥቂት ጤናማ ድንጋይም ስለሚወስድ መጨረሻ ላይ ብቻ የሚደረግ ነው።

ባዶው ቦይ ውስጥ የቀረውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ሳይሆን በጠንካራ የናይሎን ብሩሽ ጠርጌ በቫኪዩም አወጣሁ። የሽቦ ብሩሽ አዲስ የብረት ፍቅፋቂ ይተዋል። ድንጋዩ ውስጥ የሰረገውን ቡናማ ቀለም ተውኩት፤ ብረት የሌለበት ቀለም አይገፋም። በአሲድ ማጠብ ግን የኖራ ድንጋይን ይበላል።

የተላጡት ቅርፊቶች ሲመለሱ ስንጥቁ መጀመሪያ እንቢ አለ። ብረቱ ከወጣ በኋላ 3 ሚሊ ሜትር የነበረው ክፍተት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ጠበበና እዚያ ቆመ፤ የያዘው በስንጥቁ ውስጥ የወደቀ አሸዋና የዝገት ቅንጣት ነበር። ቅርፊቱን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ሁለቱንም ፊት ማጽዳት ያስፈልጋል። እያንዳንዱን ቅርፊት በሁለት የ6 ሚሊ ሜትር ጥርሳም የማይዝግ ብረት ያዝኩት፤ ቀዳዳው 8 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ በእያንዳንዱ ወገን 4 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊት ገጹ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ርቆ። ኢፖክሲ የገባው ቀዳዳዎቹ ውስጥ ብቻ ነው። ፊቱን በሙሉ ኢፖክሲ ከቀቡት እርጥበት ከጀርባው ይታገድና ቅርፊቱ እንደገና ይለቃል። በቀረው ፊት ላይ በወንፊት የተነፋ ቀጭን የኖራ ሊጥ ቀባሁ።

አዲሱ ማያያዣ 316 የሚባለው የማይዝግ ብረት ነው። ርዝመቱ እንደ ቀድሞው ሆኖ ስፋቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቀጭን ያደረግሁት በዙሪያው ለሞርታር ቦታ እንዲኖር ነው። ጋልቫናይዝድ ብረት አልተጠቀምኩም፤ ዚንኩ እያለቀ ይሄዳል፣ ሲያልቅም ወደ ቀድሞው ነገር እንመለሳለን። መሙያው በውሃ የሚጠነክረው፣ የጥንካሬ ደረጃው 3.5 የሆነ ሃይድሮሊክ ኖራ ሲሆን 1 እጅ ኖራ ለ2 ተኩል እጅ አሸዋ፣ አሸዋውም በ1 ሚሊ ሜትር ወንፊት የተነፋ። በኢፖክሲ ያልሞላሁበት ምክንያት ይህ ነው፦ የማይዝግ ብረት ሲሞቅ ከኖራ ድንጋይ ሁለት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይረዝማል። በ25 ሴንቲ ሜትር ላይ የ40 ዲግሪ ልዩነት ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ አለመመጣጠን ያመጣል። ኖራ ይህን ያህል ይታገሳል፣ ድርቅ ያለ ኢፖክሲ ግን ወደ ድንጋዩ ያሳልፈዋል። ቦዩን አስቀድሜ አራስኩ፣ ብረቱ ላይ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ሽፋን ተውኩ፣ ለአንድ ሳምንት በእርጥብ ጆንያ ሸፈንኩት። በአንድ ጊዜ የምከፍተው አንድ መጋጠሚያ ብቻ ነበር፤ ሁለት ጎረቤት መጋጠሚያዎች አብረው ከተከፈቱ መካከል ያለውን ድንጋይ የሚይዘው ነገር የለም።

ከዚህ በፊት የጠገነው ሰው ስንጥቆቹን ከላይ በሲሚንቶ ደፍኗቸው ነበር። ሲሚንቶውን ስፈነቅለው ሥሩ እርጥብ ነበር፣ ዝናብ ካቆመ ከብዙ ቀን በኋላ። ውሃው በመጋጠሚያው በኩል እየገባ መውጫ አጥቷል። ስለዚህ መጋጠሚያዎቹን በሙሉ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቄ ጠረግሁና በዚያው ኖራ ሞላኋቸው፤ በክዳኑ ሥር ያለው የውሃ ማንጠባጠቢያ ቦይም በአሮጌ ሞርታር ተደፍኖ ስለነበር ከፈትኩት።

ሁለቱን በእርሳስ በሚገባ የተሸፈኑ ብረቶች አላወጣኋቸውም። ማውጣቱ ጤናማ ድንጋይ ይጎዳል፣ እነሱም የሚሰጡት ምልክት የለም። እርሳሳቸውን ዙሪያውን በደነዝ መሮ እንደገና ቀጥቅጬ መጋጠሚያቸውን ብቻ አደስኩ። ከመጋጠሚያቸው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ትንንሽ የነሐስ ነጥብ ተክዬ ርቀታቸውን በካሊፐር ለካሁና ቁጥሩን ከብረቶቹ ቦታ ጋር ንድፉ ላይ ጻፍኩት። ልኬቱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በዝናቡ ማብቂያና በደረቁ ወቅት ማብቂያ ይደገማል። በሙቀት ምክንያት ርቀቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በተመሳሳይ ወቅት ተለክቶ ከዓመት ዓመት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያደገ ከሄደ ግን እነዚያም ይከፈታሉ።