ቢላው ገባ ማለት በሰለ ማለት ነው? የስኳር ድንችና የካሳቫ ማስታወሻዬ

ስኳር ድንችና ካሳቫን ጎን ለጎን መቀቀል ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ነገር በደንብ ገብቶኛል። ስኳር ድንች መብሰሉን ቢላ ይነግራችኋል። ካሳቫ ላይ ግን ቢላው ሰተት ብሎ ገብቶም ሥራው ላያልቅ ይችላል። የካሳቫ መብሰል ሁለት ጥያቄ አለው፦ ለስልሷል ወይ? መርዙስ ወጥቷል ወይ?

በመጀመሪያ ስለ ውሃችን። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዩቲዩብ «20 ደቂቃ በቂ ነው» የሚሉት አብዛኞቹ ዝቅ ያለ አገር ሆነው ነው። እኔ 30 ብዬ ነው የምነሳው። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ትቼ ድስቱን ነው የማየው።

ስኳር ድንቹን ስመርጥ መጠናቸው የሚቀራረቡትን እለያለሁ። ትንሹ ፈርሶ ትልቁ ጥሬ እንዳይሆን ነው። አልልጠውም፤ በደንብ አጥቤ በቀዝቃዛ ውሃ እጥደዋለሁ። በፈላ ውሃ የማልጨምረው ለጣዕሙ ብዬ ነው። ስኳር ድንች ውስጥ ስታርቹን ወደ ማልቶስ፣ ማለትም ወደ ስኳር የሚቀይር ኢንዛይም አለ። ኢንዛይሙ በደንብ የሚሠራው ሙቀቱ 60 ዲግሪን አልፎ ወደ 75 ሲጠጋ ነው። ከዚያ በላይ እየሞተ ይሄዳል። ውሃው ቀስ ብሎ ሲሞቅ ጊዜ ያገኛል፣ ድንቹም ይጣፍጣል።

የጡጫ ያህል የሆነ ስኳር ድንች እኔ ቤት ከፈላ በኋላ 35 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ቀጭን ቢላ በወፍራሙ ቦታ እስከ መሐሉ እሰዳለሁ። ሳይይዘው ገብቶ ሳይይዘው ከወጣ በስሏል። ቢላውን ሳነሳ ድንቹም አብሮ ከተነሳ ገና ነው። ከተጠራጠርኩ አንዱን ለሁለት እቆርጠዋለሁ። የበሰለው ከዳር እስከ መሐል አንድ ዓይነት ቀለም ይኖረዋል። መሐሉ ላይ ነጣ ያለ፣ ኖራ የሚመስል ክብ ከታየ ጥሬው እሱ ነው። ከዚያ ውሃውን አጠንፍፌ፣ በትኩሱ ባዶ ድስት ውስጥ ከድኜ ለ5 ደቂቃ አሳርፈዋለሁ። የቋጠረው ውሃ ይወጣለታል።

አንድ ቀን በኤሌክትሪክ ምድጃ ጥጄ ውሃው ሳይፈላ መብራት ጠፋ። ድስቱ እንደሞቀ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጠ። ከሰል አቀጣጥዬ መልሼ ጣድኩት፤ ብዙ ፈላ፣ ግን መሐሉ እንደ ጥሬ ካሮት ቀጭ ቀጭ አለ። ለካ ስኳር ድንች ከ50 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ረጅም ጊዜ ከቆየ፣ የሴሎቹን ግድግዳ የሚያያይዘው ፔክቲን ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ ቢያፈሉትም እንደ ልብ አይለሰልስም። ስለዚህ ጣፋጭ እንዲሆን ቀስ ብሎ ይሙቅ ስል፣ እሳቱ ሳይቋረጥ ማለቴ ነው። አሁን ስኳር ድንች ስጥድ ከሰሉን አዘጋጅቼ ነው፤ መብራት ከጠፋ ድስቱን ወዲያው አዛውረዋለሁ። አንዴ የጠነከረውን ደግሞ በቀጭኑ ከትፌ ወጥ ውስጥ እጨምረዋለሁ።

መጋገሩ ቀላል ነው። በኦቭን 200 ዲግሪ ላይ ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፤ በረመጥ ከሆነ ደግሞ ፍም ሳይነካው፣ በትኩስ አመድ ተቀብሮ። የመብሰሉ ምልክት ልጣጩ ላይ ነው። ከሥጋው ተላቆ ይሸበሸባል፤ በስንጥቁም ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይወጣል። ይህን ካየሁ ቢላ አላነሳም።

ወደ ካሳቫው ልምጣ። ካሳቫ ሊናማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ሥሩ ሲቆረጥ ወይም ሲፈጭ እዚያው ያለ ኢንዛይም ያገኘዋል፣ በመጨረሻም ሃይድሮጂን ሳያናይድ ይወጣል። ይህ መርዝ ነው፤ ግን በ26 ዲግሪ ስለሚተን ክፍት ድስት ላይ በቀላሉ ይሄዳል። ችግሩ ሳይፈርስ የቀረው ሊናማሪን ነው። እሱ አይተንም፤ የሚወጣው በውሃ ተሟሙቶ ነው። ሰውነታችን ውስጥ ከገባ በኋላም ሳያናይድ ሊለቅ ይችላል። ትልቅ ቁራጭ ስትቀቅሉ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ቶሎ ይገድለዋል፣ ውሃውም መሐሉን በደንብ አያጥበውም። ቁራጩ ለስልሶ ሳለ ብዙው ሊናማሪን እዚያው ሊቀር ይችላል።

ባለፈው የሐሙስ ገበያ አንድ ኪሎ ገዛሁ። ሻጭዋን «ጣፋጩ ነው ወይስ መራራው?» አልኳት። «ጣፋጩ ነው እህቴ፣ እኛም ቤት እሱኑ ነው የምንቀቅለው» አለችኝ። አንዱን አሰብሬ አየሁት። ውስጡ ንጹህ ነጭ ነበር። ሰማያዊ ወይም ጥቁር መስመር ቢኖረው ከተነቀለ ቀናት ያለፉት ስለሆነ አልገዛውም ነበር። ካሳቫ ከተነቀለ በሁለትና ሦስት ቀን መበላሸት ይጀምራል።

ቤት ስደርስ ቡናማውን ቅርፊት ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ወፈር ያለ ልጣጭም አነሳሁ። መርዙ እዚያ ላይ ይበዛል። በሁለት ጣት ስፋት ቆራረጥኩት፣ ለአራት ሰነጠቅኩት፣ መሐሉ ያለውን እንጨት መሰል ጭራ አወጣሁ። ከምላሴ ጫፍ ላይ ትንሽ ነክቼ ተፋሁት፤ አልመረረኝም። መሮኝ ቢሆን ኖሮ ሙሉውን እጥለው ነበር። አለመምረሩ ግን ዋስትና ስላልሆነ ቀሪውን ሥራ አላሳጠርኩም። አዳሩን በውሃ ዘፈዘፍኩት፤ ጠዋት ውሃውን ደፋሁ።

ከዚያ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ጣድኩት፤ ካሳቫው እንደ ልቡ እንዲዋኝ። ክዳኑን አልከደንኩም። ከፈላ 10 ደቂቃ ያህል ሲሆነው ውሃውን ደፍቼ በአዲስ ውሃ ቀጠልኩ፤ ጨው የጨመርኩት በሁለተኛው ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት አካባቢ ቁራጮቹ በራሳቸው መሰንጠቅ ጀመሩ። ዳራቸው ኖራ መሰል ንጣቱን ትቶ ብርሃን አሳላፊ ሆነ፤ ሹካ ስጫናቸው በክር በክር ተለያዩ። መሐላቸውም እንደዚያው ሲሆን አወጣኋቸው። ውሃውን ለሾርባም ለምንም አልተጠቀምኩበትም፤ ደፋሁት።

ከቁራጮቹ ሁለቱ ቢፈሉ ቢፈሉ አልተሰነጠቁም። መስታወት መስለው፣ ሹካን እየገፉ ቀሩ። ያረጀ ወይም እንጨት የሆነ ሥር እንዲህ ያደርጋል። ለእነሱ ብዬ ሌሎቹን አላፈርስም፤ ለቅሜ አወጣቸዋለሁ።

ጥሬ ካሳቫን በቀጥታ ረመጥ ወይም ኦቭን ውስጥ መክተት ለኔ አይሆንም። ከላይ ቢጠበስም ሊናማሪኑን የሚያጥብ ውሃ የለም። መራራው ዓይነት ደግሞ በመቀቀል ብቻ አይታመንም፤ ተፍቆ ወይም ተዘፍዝፎ፣ ኮምጥጦ፣ ደርቆ ነው ወደ ዱቄት የሚሄደው። ካሳቫ ከበላ በኋላ ራሱን የዞረው፣ ያቅለሸለሸው ወይም ያስመለሰው ሰው ካለ ሳትጠብቁ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

የተጋገረ ካሳቫ ሲያምረኝ መጀመሪያ እንዲሁ እቀቅለዋለሁ፣ አጠንፍፌ አደርቀዋለሁ፣ ትንሽ ዘይትና በርበሬ አሽቼ በ200 ዲግሪ ኦቭን ለ25 ደቂቃ አስገባዋለሁ። እዚህ ላይ የምጠብቀው የዳሩን ቡናማነት ብቻ ነው፤ መብሰሉ ድስት ውስጥ አልቋል።