የናሙና አወሳሰዳችን ሲተች ለገምጋሚዎች መልስ የጻፍንበት መንገድ

በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ የሠራነው ጥናት የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነበር፤ ዙሪያቸው በድንጋይ ካብ የታጠረ ደኖች ከብት እንደልቡ ከሚገባባቸው ደኖች የበለጠ የወይራ፣ የጽድና የዝግባ ችግኝ ይገኝባቸዋል ወይ? አራት የታጠሩና አራት ያልታጠሩ ደኖች ወስደን በእያንዳንዱ 10 ፕሎት አወጣን፣ ችግኝ ቆጠርን፣ ጽሑፉንም ላክን። የመጽሔቱ አርታኢ ከፍተኛ ማሻሻያ እንደሚያስፈልገው ገልጾ ሲመልሰው፣ ከሁለቱ ገምጋሚዎች አንዱ አስተያየቱን በሙሉ ያዋለው ናሙና አወሳሰዱ ላይ ነበር።

የመስክ ሥራ ካለቀ በኋላ የናሙና ንድፍ አይለወጥም። ስለዚህ መልሱን ከመጻፌ በፊት እያንዳንዱን ትችት በሦስት ለየሁት፤ በትንተና የሚስተካከል፣ የድምዳሜያችንን ስፋት በማጥበብ ብቻ የሚመለስ፣ እና በጽሑፉ ውስጥ በቂ መግለጫ ባለመኖሩ የተነሣ። ሦስተኛው ዓይነት ቶሎ አለቀ። ለምሳሌ ፕሎቶቹን የደረደርንበት መስመር፣ ትራንሴክቱ፣ ከደኑ ጠርዝ በስንት ሜትር እንደጀመረ ተጠይቀን ነበር፤ ርቀቱን ጽፈን፣ የተጨመረበትን የመስመር ቁጥር ጠቅሰን አለፍነው።

ዋናው ትችት ሱዶሪፕሊኬሽን ነበር፤ ነጻ ያልሆኑ ናሙናዎችን እንደ ነጻ መቁጠር ማለት ነው። የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ስቱዋርት ኸርልበርት በ1984 ይህን ስም ከሰጠው ወዲህ የሥነ ምህዳር ገምጋሚዎች ቀድመው የሚፈልጉት ነገር ነው ማለት ይቻላል። ካብ የሚሠራው ለደን እንጂ ለፕሎት አይደለም፤ 80ውን ፕሎት እንደ 80 ነጻ ምስክር መቁጠር፣ በአንድ ደን ውስጥ ያሉ ፕሎቶች አንድ አፈር፣ አንድ ጥላና አንድ ታሪክ እንደሚጋሩ መርሳት ነው። ገምጋሚው «ትክክለኛው የናሙና ቁጥር 8 ነው» ብሎ ሲጽፍ ልንከራከርበት የምንችለው ነገር አልነበረም። መልሱ ላይ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተስማማን፣ ከዚያ ደኑን እንደ ራንደም ኢፌክት የያዘውን አዲስ ሞዴል አስቀመጥን፦

```
glmer.nb(seedlings ~ wall + edge_dist + (1 | forest))
```

ሞዴሉን መቀየራችንን መናገር ብቻ ግን ገምጋሚን አያረካም፤ ለውጡ ውጤቱን ምን እንዳደረገው ማየት ይፈልጋል። በአንድ ደን ውስጥ ያሉ ፕሎቶች የመመሳሰል መጠን 0.3 ገደማ ስለነበር፣ 80 ፕሎቶች የሚሰጡት መረጃ 80 ÷ (1 + 9 × 0.3)፣ ማለትም የ22 ነጻ ፕሎቶችን ያህል ብቻ መሆኑን በደብዳቤው ውስጥ አሰላን። ከዚያም የድሮውንና የአዲሱን ውጤት ጎን ለጎን አሳየን። በታጠሩት ደኖች የችግኝ ብዛት 2.1 እጥፍ የሚለው ግምት ብዙም አልተነቃነቀም፤ ከ1.6 እስከ 2.7 የነበረው የመተማመኛ ክልል ግን ከ1.1 እስከ 3.9 ሰፋ። የታችኛው ጫፍ ወደ 1 መጠጋቱን ራሳችን ቀድመን ጻፍነው፤ ገምጋሚው ፈልጎ ቢያገኘው የቀረው ደብዳቤ ሁሉ በጥርጣሬ ይነበብ ነበር።

ያልተስማማንበት አንድ ጥያቄ ነበር። ካቡ በዕጣ የተመደበ ባለመሆኑ፣ ለመንገድ የቀረቡት ደኖች ቀድመው ታጥረው ሊሆን ይችላል በማለት ገምጋሚው ከፍታን፣ የደን ስፋትንና ከመንገድ ያለውን ርቀት ሞዴሉ ውስጥ እንድንጨምር ጠየቀ። ስጋቱ ትክክል ነው፤ መፍትሔው ግን በ8 ደኖች አይሠራም። በደን ደረጃ የሚለኩ አራት ነገሮችን በስምንት ደኖች ለመለየት መሞከር የሚሰጠው ቁጥር አንድ ደን ሲወጣ የሚገለባበጥ ነው፤ ደኖቹን አንድ በአንድ እያወጣን ሞክረን ይህንኑ አየን፣ ውጤቱንም ከደብዳቤው ጋር አያያዝን። የጻፍነው እንዲህ ነበር፦ «ገምጋሚው ያነሡት ስጋት ተገቢ ነው። የደኖቹ ቁጥር ተጨማሪ ተለዋዋጮችን ለመሸከም ስለማይበቃ፣ የሦስቱን ልኬቶች ለእያንዳንዱ ደን በሠንጠረዥ አቅርበናል፤ ካቡ የልዩነቱ መንስኤ ነው የሚለውንም አገላለጽ ከጽሑፉ በሙሉ አውጥተናል።» እምቢታው የተዋጠው፣ ይመስለኛል፣ እኛም በበኩላችን የተውነው አባባል ስለነበረ ነው።

አቀራረቡም ዋጋ አለው። የገምጋሚውን ቃል ሳናሳጥር ገልብጠን፣ መልሱን ከሥሩ አድርገን፣ የተለወጠውን ዓረፍተ ነገር ደብዳቤው ውስጥ አስገብተን፣ የመስመር ቁጥሩንም ከተሻሻለው ጽሑፍ ወሰድን። «ገምጋሚው አልተረዱንም» የሚል አንድም ቦታ የለም፤ ባልተረዱበት ቦታ አንቀጹን እንደገና ጽፈን «አሁን ግልጽ አድርገነዋል» አልን። አንድ ባልደረባዬ መጀመሪያ ያዘጋጀው ረቂቅ፣ በአካባቢው የተሠሩ ሌሎች ጥናቶችም እንደኛው ናሙና እንደወሰዱ የሚከራከር ነበር። አወጣነው፤ ሌሎች አደረጉት ማለት ለገምጋሚው ጥያቄ መልስ አይሆንም።

በሁለተኛው ዙር ገምጋሚው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በጽሑፉ ርዕስ ላይ የቀረችው «ተጽእኖ» የምትለው ቃል እንድትወጣ። አወጣናት።